ባትሪ ሲነቀል የሚጠፋው መብራት

«ቼክ ኢንጅን» የሚባለው፣ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ሲበራ ጋራዥ ከመሄድ በፊት የሚሞከር አንድ የታወቀ መላ አለ። ኮፈኑ ይከፈታል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ በ10 ቁልፍ ይላላል፣ ገመዱ ወደ ጎን ይደረግና አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ይቆያል። ገመዱ ተመልሶ ታስሮ ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ የለም። ሬዲዮው የያዛቸውን ጣቢያዎች ረስቷል፣ ሰዓቱም እንደገና መሞላት ይፈልጋል፤ ከዚያ በቀር መኪናው ደህና ይመስላል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ ሹፌሩ ነገሩን ከረሳው በኋላ፣ ያው መብራት ተመልሶ ይበራል።

መብራቱ ለምን እንደጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ ለምን ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ እንደሚመለስ ለመረዳት የሞተሩ ኮምፒውተር ምን እንደሚያስታውስና እንዴት እንደሚያስታውስ ማየት ያስፈልጋል።

የኮምፒውተሩ ዋና መመሪያ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ባትሪ ቢነቀልም አይጠፋም። ከመመሪያው ሌላ ግን መኪናው በየቀኑ ሲነዳ የሚሰበሰብ ማስታወሻ አለ። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ማስታወሻ የሚቆየው ቁልፉ ከተነቀለ በኋላም ከባትሪው በምትመጣ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ገመዱ ሲላቀቅ ያች ኤሌክትሪክ ትቋረጣለች፣ ማስታወሻውም ይጸዳል። ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የሚያስፈልገው በኮምፒውተሩ ውስጥ ተጠራቅማ የቀረችው ኤሌክትሪክ እስክታልቅ ነው። ማስታወሻውን ያለ ባትሪ የሚያቆዩ አዳዲስ መኪኖችም አሉ፤ በእነዚያ ላይ ገመዱ ሌሊቱን ሙሉ ተላቆ ቢያድር እንኳ መብራቱ አይጠፋም። የኤር ባግ መብራትም በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ ባትሪ መንቀል አያጠፋውም።

ማስታወሻው ሲጸዳ አብረው የሚሄዱት ነገሮች ከመብራቱ ይልቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው። መጀመሪያ የሚጠፋው የብልሽቱ ኮድ ነው፤ P0420 ወይም P0302 የሚመስል፣ አንድ ፊደልና አራት አሃዝ ያለው መለያ። ከኮዱ ጋር ደግሞ ኮምፒውተሩ ብልሽቱን ባየባት ቅጽበት ያነሣው «ፎቶግራፍ» ይጠፋል። መካኒኮች «ፍሪዝ ፍሬም» ይሉታል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞር እንደነበር፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ውሃው ምን ያህል ሞቆ እንደነበርና ነዳጁ ምን ያህል ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ እንደነበር ይዟል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚመጣን ብልሽት ዳገት ላይ ከሚመጣው ለመለየት መካኒኩ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አያገኝም። ባትሪው ተነቅሎ ጋራዥ የገባ መኪና መካኒኩን «መቼ ነው የሚያደርገው?» ብሎ ከመጠየቅ በቀር ምንም አያስቀርለትም።

ሌላው የሚጠፋው ኮምፒውተሩ በልምድ የተማረው ነው። ሞተሩ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ትንሽ አየር የሚያስገባ ጎማ ቱቦ ወይም የደከመ ኢንጀክተር ሲኖረው ኮምፒውተሩ ያንን ጉድለት በነዳጅ መጠን እያካካሰ ይነዳል። ማካካሻው ሲጠፋ ሞተሩ በቆመበት ሊንቀጠቀጥ፣ አልፎ አልፎም ሊጠፋ ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች አውቶማቲክ ማርሹ ለጥቂት ቀን ይመታል፣ መስኮቱም በአንድ ንክኪ እስከ ላይ መውጣቱን ይተዋል። ይህ ሁሉ ከተነዳ በኋላ ይስተካከላል። ከማስታወሻው የሚጠፋው የመጨረሻው ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ላይ ያደረጋቸው ፈተናዎች ዝርዝር።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና «ኦቢዲ 2» የተባለውን ሥርዓት እንዲይዝ ግዴታ ሆነ። አውሮፓም ተመሳሳዩን ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ መኪኖች ከ2004 ጀምሮ አስገደደ። ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ የዚህ ሥርዓት በር ናት። ሥርዓቱ የተፈጠረው የመኪናን ጭስ ለመቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ብልሽት ሲመጣ ማየት ብቻ ሳይሆን ጭሱን የሚያጣሩትን ክፍሎች አንድ በአንድ እየፈተነ፣ ፈተናው መጠናቀቁን መመዝገብ አለበት። እነዚህ ፈተናዎች ሞኒተር ይባላሉ። አንድ ሞኒተር ተፈትኖ ሲያበቃ «ተጠናቋል» ተብሎ ይያዛል፤ ያልተፈተነው ደግሞ «አልተጠናቀቀም» ተብሎ ይቆያል። ሬዲነስ ሞኒተር የሚባለው ይህ የተፈተነና ያልተፈተነ ዝርዝር ነው። ስሙ ዝግጁነትን ያመለክታል፤ መኪናው ለምርመራ ዝግጁ ነው ወይ ለሚለው መልስ ማለት ነው።

ሞኒተሮቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። ሦስቱ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ የሚሠሩ ናቸው። አንደኛው ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ያያል፣ ሁለተኛው የነዳጁን ልክ ይከታተላል፣ ሦስተኛው የሴንሰሮቹን ሽቦና ንባብ ይጠብቃል። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ቶሎ የሚመለሱ መብራቶች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ የሚነሡ ናቸው። የተቆረጠ የሴንሰር ሽቦ ካለ ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ውስጥ ያገኘዋል።

የቀሩት በአንድ ጉዞ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሁኔታው ሲመቻች ብቻ የሚካሄዱ ናቸው። በተለመደ የቤንዚን መኪና ላይ የካታሊስቱ፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹ፣ የሴንሰሮቹ ማሞቂያና የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያው ሞኒተሮች ይገኛሉ። ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን ለመፈተን ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅና መኪናው ባልተቆራረጠ ፍጥነት ለደቂቃዎች እስኪሄድ ይጠብቃል። የትነቱን ፈተና ለመጀመር ደግሞ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ መቀዝቀዝ፣ የነዳጅ ታንኩም ከሞላ ጎደል ባዶም ሙሉም አለመሆን አለበት፤ በብዙ መኪኖች ከ15 እስከ 85 በመቶ መሆን ይኖርበታል። ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤት ብቻ የሚነዳ መኪና እነዚህን ፈተናዎች ለሳምንት ሳያያቸው ሊቀር ይችላል። መብራቱ ከቀናት በኋላ የሚመለስበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ብልሽቱ ሁሌም እዚያው ነበር፣ ኮምፒውተሩ ግን ገና አልደረሰበትም።

በዚህ ላይ ሌላ መዘግየት ይጨመራል። ኮምፒውተሩ ለአብዛኞቹ ብልሽቶች በመጀመሪያው ጉዞ ሲያገኛቸው መብራት አያበራም። «በጥርጣሬ ላይ ያለ» ኮድ ብቻ ይይዛል። በሚቀጥለው ተመሳሳይ ጉዞ ያንኑ ብልሽት ካገኘ ነው ኮዱን አጽንቶ መብራቱን የሚያበራው። አንዲት አጋጣሚ ንባብ ሰውን ወደ ጋራዥ እንዳታስሮጥ የተደረገ ነው። ከዚህ ደንብ ውጪ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ሲሊንደር ሳያቃጥል ቀርቶ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካታሊስቱ መፍሰስ ሲጀምር መብራቱ ወዲያው ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን በባትሪ ገመድ ማጥፋት ስህተት ነው። ያ ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ስለሚነድ ከውስጥ ያቀልጠዋል፤ መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ቶሎ መቆም አለበት። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ካንዴላ ወይም ቦቢና ስለሆነ ዋጋውም ከካታሊስት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አንድ መኪና ይዞ ሂደቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የምትነዳ የ2006 ስሪት ኮሮላ እንውሰድ። ኮዱ P0420 ነው፤ ካታሊስቱ ጭሱን እንደሚገባው እያጣራ አይደለም ማለት ነው። በዚያ አካባቢ መኪኖች በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለባቸው፣ የኮሮላዋም ቀን ደርሷል። የመርማሪው ማሽን በመሰኪያዋ በኩል ኮምፒውተሩን የሚጠይቀውን ጥያቄ ሰውም በርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያና በስልክ ሊጠይቀው ይችላል። ጥያቄው `0101` ይባላል። ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ኮምፒውተሩ እንዲህ ይመልሳል፦

```
41 01 81 07 65 00
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «ለጥያቄህ መልስ ይኸው» የሚሉ ናቸው። ሦስተኛው 81 ነው፤ 80 መብራቱ መብራቱን፣ 1 ደግሞ አንድ ኮድ መያዙን ይነግራል። 07 ሦስቱ ዘወትር የሚሠሩት ሞኒተሮች እንዳሉና እንደተጠናቀቁ ይገልጻል። አምስተኛው፣ ማለትም 65፣ መኪናዋ ያሏትን ሌሎች ሞኒተሮች ይቆጥራል። ካታሊስት 1፣ የነዳጅ ትነት 4፣ የኦክስጅን ሴንሰር 20፣ የሴንሰር ማሞቂያ 40 ሲሆኑ ድምራቸው 65 ይሆናል። የመጨረሻው ቁጥር ያልተጠናቀቁትን በዚያው ሒሳብ ይደምራል። እዚህ ላይ 00 ስለሆነ ሁሉም ተፈትነዋል።

ዓርብ ማታ ባትሪው ተነቅሎ ተመለሰ እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ያው ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ይህ ነው፦

```
41 01 00 07 65 65
```

81 ወደ 00 ስለተቀየረ መብራትም ኮድም የለም። መጨረሻ ላይ ያለው 65 ደግሞ አራቱም ፈተናዎች እንዳልተካሄዱ ይናገራል። ዳሽቦርዱን ብቻ የሚያይ ሰው ጤነኛ መኪና ያያል፤ ማሽኑ ግን ማስታወሻዋ ትናንት የተጠረገባት መኪና ያያል። ቅዳሜና እሑድ ኮሮላዋ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ትነዳለች። ምንም አይለወጥም። ሰኞ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ለሃያ ደቂቃ ትሄዳለች። የሴንሰሮቹና የማሞቂያው ፈተናዎች ይጠናቀቃሉ። የካታሊስቱም ፈተና ይካሄዳል፣ ውጤቱም መጥፎ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያ ጉዞ ስለሆነ ጥርጣሬ ብቻ ይያዛል፤ ደንቡም መጥፎ ውጤት ያገኘ ፈተና እስኪጸና ድረስ «ተጠናቋል» ስለማይል የሰኞ ማታ የመጨረሻ ቁጥር 05 ይሆናል፤ ካታሊስትና የነዳጅ ትነት ይቀራሉ። ማክሰኞ ያው ጎዳና፣ ያው ፍጥነት፦

```
41 01 81 07 65 04
```

የካታሊስቱ ፈተና ተጠናቀቀ፣ በዚያው ቅጽበትም መብራቱ በራ። አራት ቀን የፈጀው መንገድ ወደ ተነሣበት ተመለሰ ማለት ነው። የቀረው የነዳጅ ትነቱ ብቻ ነው።

በምርመራ ጣቢያው የሚሆነውን ከእነዚሁ ቁጥሮች ማንበብ ይቻላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም መመሪያ ከ1996 እስከ 2000 ለተሠሩ መኪኖች ሁለት ያልተጠናቀቁ ሞኒተሮችን፣ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩት ደግሞ አንድ ብቻ ይታገሣል። ካሊፎርኒያ ይበልጥ ጥብቅ ናት፤ ከ2000 ወዲህ በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ ሳይጠናቀቅ መቅረት የሚችለው የነዳጅ ትነቱ ብቻ ነው። ኮሮላዋ ቅዳሜ ብትቀርብ አራት ያልተጠናቀቁ ስላሏት «ተመለሺ» ትባላለች። ሰኞ ማታ ሁለት ስለቀሯት እንደዚያው ነው። ማክሰኞ አንድ ብቻ ቀርቷታል፣ ያ ይፈቀዳል፤ መብራቱ ግን ስለበራ ትወድቃለች። መብራቱ የጠፋበትና ፈተናው ያለቀበት ቀን የሚገናኙበት ክፍተት ለዚህች መኪና የለም። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች የባትሪ ገመዱን መላ አስቀድመው ያሰቡበት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

እንዲያም ሆኖ ሌላ መዝጊያ ጨምረዋል። ከ2010 ስሪት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መኪኖች የገባው «ቋሚ ኮድ» በባትሪም ሆነ በስካነር አይሰረዝም። የሚያጠፋው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፣ ያውም ያንኑ ክፍል እንደገና ፈትኖ ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ኮድ ያለበት መኪና አታሳልፍም፤ ከተጸዳ በኋላ ሞተሩ 15 ጊዜ ቀዝቅዞ ሞቆ፣ መኪናውም 320 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ከሆነ ግን ቋሚው ኮድ አይታይበትም።

የዚህ ጥብቅነት ጉዳት አንዳንድ ጊዜ በንጹሕ ሰው ላይ ይወድቃል። ባትሪው አርጅቶ ትናንት አዲስ የገዛ ሰው መኪናው ምንም ሳይኖርባት ከምርመራ ሊመለስ ይችላል፤ ማሽኑ ገመዱ ለምን እንደተላቀቀ አያውቅም። መፍትሔው ከምርመራው ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ባትሪ መቀየር፣ ከዚያም መኪናዋን እንደልማዷ መንዳት ነው። ታንኩን ግማሽ አካባቢ አድርጎ፣ ሌሊቱን አሳድሮ፣ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቁሞ ማሞቅ፣ ከዚያ ጎዳና ላይ ወጥቶ ፍጥነቱን ሳያለዋውጡ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መሄድ፣ መንገዱ ሲፈቅድም እግርን ከፔዳሉ አንሥቶ ፍሬን ሳይነኩ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ብዙዎቹን ፈተናዎች ያስጨርሳል። የእያንዳንዱ ፋብሪካ ሁኔታ ስለሚለያይ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ከማንም ምክር ይበልጣል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የነዳጅ ትነቱ ሞኒተር ነው። ሥራው ከታንኩ የሚነሣው ትነት ወደ አየር እንዳያመልጥ መጠበቅ ሲሆን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ ጭምር ማግኘት አለበት። በብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ፈተናው የሚካሄደው ቁልፉ ተነቅሎ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ፣ መኪናው ቆሞ ሰው በሌለበት ነው። ማታ ከቆመ መኪና በኩል ትንሽ የፓምፕ ድምፅ ሲሰማ አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ሌባ አይደለም፣ ታንኩ እየተፈተነ ነው። የዚህ ክፍል መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሚታየው የታንኩ ክዳን ነው። ካልጠበቀ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም።

ለአዲስ አበባ ሹፌር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የአሜሪካው ደንብ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ፣ ከ8000 ጫማ ወይም ከ2440 ሜትር ገደማ በላይ፣ አንዳንድ ፈተናዎች እንዲቆሙ ፋብሪካዎችን ይፈቅዳል፤ ብዙዎችም ለትነቱ ሞኒተር ይህን ገደብ አስቀምጠዋል። አዲስ አበባ በአማካይ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብትልም ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰፈር ከገደቡ በላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ሽሮ ሜዳ አካባቢ እያደረ የትነቱን ፈተና ለወራት ሳያጠናቅቅ ቢቆይ ብልሽት አለበት ማለት አይደለም። ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ ይህ ሞኒተር ጭራሹን ላይኖረው ይችላል፤ ስካነሩ «የለም» ካለ «አልተጠናቀቀም» ካለው ጋር መምታታት የለበትም።

ወደ ኮሮላዋ እንመለስ፤ P0420ን በሚገባ የሚያየው መካኒክ ምን ያደርጋል? ከካታሊስቱ ፊት አንድ፣ ከኋላው ሌላ ሴንሰር አለ። ጤነኛ ካታሊስት ኦክስጅንን እያከማቸ ስለሚጠቀምበት ከኋላ ያለው ሴንሰር በረጋ መንዳት ላይ በ0.6 እና በ0.7 ቮልት አካባቢ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ካታሊስቱ ሲያልቅ ግን ያ ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ድረስ ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። ሞተሩ ሞቆ ይህ በስካነሩ ላይ ከታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ከዚያ በፊት ግን ከሞተሩ እስከ ካታሊስቱ ያለው የጭስ ቱቦ እንደማይተነፍስ መታየት አለበት፤ በስንጥቅ የሚገባ አየር የሴንሰሩን ንባብ ያበላሻል፣ እሱን መበየድ ደግሞ ከካታሊስት ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ብዙ ቦታ የሚደረገው የኋላውን ሴንሰር ዝም ብሎ መቀየር ነው። ያ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን የተናገረው ነው፤ ተቀይሮም መብራቱ ይመለሳል። ካታሊስቱ በእርግጥ ካለቀ ደግሞ ለምን እንዳለቀ ሳይጠየቅ አዲስ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር አዲሱንም እንደ አሮጌው ይጨርሰዋል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱን ማጥፋት ተገቢ ነው፣ በስካነር ማጥፋቱ ደግሞ ገመድ ከመንቀል ይሻላል፤ ሬዲዮውንና መስኮቱን አይነካም። ሞኒተሮቹን ግን ስካነሩም ወደ ዜሮ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ጊዜ ያለው ሰው ምንም ባያጠፋ የተሻለ ነው። ክፍሉ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ተፈትኖ ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ መብራቱን በራሱ ያጠፋል፤ ሞተሩ 40 ጊዜ ቀዝቅዞ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ኮዱንም ይሰርዛል። በዚህ መንገድ የጠፋ መብራት የሞኒተሮቹን ዝርዝር አያበላሽም፣ ጥገናውም ልክ እንደነበር ማረጋገጫ ይሆናል።

ምርመራ የጭሱን ሞኒተር በማይጠይቅበት አገርም ይህ ዝርዝር ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ሻጭ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይፈጅበታል። ገዢው ስካነር ይዞ ከሄደ መጀመሪያ ሞኒተሮቹን ይይ፤ ከዚያም ኮዶች ከተጸዱ ወዲህ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ይጠይቅ፤ ብዙ መኪኖች ይህን ይመዘግባሉ። ሁሉም ሞኒተሮች «አልተጠናቀቀም» ካሉና የተነዳው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ማስታወሻው የተጠረገው ዛሬ ጠዋት ነው። ባትሪው አዲስ መሆኑን ሻጩ በደረሰኝ ካላሳየ በቀር ቀብድ አይከፈል፤ ሻጩ መኪናውን ለጥቂት ቀን ነድቶ ሞኒተሮቹ ከተጠናቀቁ በኋላ ይመልሰው፣ ያኔ እንደገና ይታይ።